አፉ እስኪፈታ እንጠብቅ ወይስ በሬውን እንሽጥ?

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሰሜን ሸዋ፣ ገጠር ቀበሌ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ገበሬ ነው፣ እኔ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ልጃችን አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር ሆነው። ምጡ ከብዶኝ ነበር፣ ሲወለድም ቶሎ አላለቀሰም። ቆሞ የሄደው በአንድ ዓመት ከአምስት ወሩ ነው። እስካሁን አንድም ቃል አይናገርም። የሚፈልገውን በጣቱ አያሳይም፣ እጄን እየጎተተ ነው የሚወስደኝ። ስሙን ስጠራው አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ እንዳልሰማ ይሆናል። በር ሲንኳኳ ግን ደንገጥ ይላል። ስልክ ከፍቼ ከሰጠሁት ረጅም ሰዓት ዝም ብሎ ይቀመጣል። አማቴ “አባቱም አፉን የፈታው በሦስት ዓመቱ ነው፣ ተይው” ይላሉ። ጎረቤቴ እንጥሉን አስቆርጪው ትላለች። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ አንዱን በሬ ሸጣችሁ አዲስ አበባ የግል ክሊኒክ ውሰዱት ባይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗን ሳማክራት “አጫውቺው” አለችኝ። እኔ መድኃኒት ነበር የጠበቅሁት። ምን ላድርግ? ጥፋቱስ የኔ ይሆን?
የአንድ ልጅ እናት

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ምጥ የሚከብደው እናት ስላጠፋች አይደለም። ሲወለድ ቶሎ አለማልቀሱን ግን አትርሺው። ራስሽን እንድትወቅሺበት ሳይሆን፣ ሐኪም ፊት ስትቀርቢ መጀመሪያ የምትናገሪው እሱን ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እኔን ብትጠይቂኝ በሬውን አትሽጡት፣ ልጁን ይዛችሁም ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ጎን ለጎን ይጀመር። አንዱ የልጁን ጆሮ ማስመርመር ነው። ሌላው ያቺ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የነገረችሽ ጨዋታ ነው። አንዱ ሌላውን መጠበቅ የለበትም። የምርመራው ቀጠሮ እስኪደርስ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ጨዋታው ስለተጀመረም ቀጠሮው አይቀርም።

የአማትሽን ነገር ከንቱ ነው ብዬ አላጣጥለውም። ዘግይተው አፋቸውን የሚፈቱና በኋላ ከእኩዮቻቸው ጋር የሚስተካከሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ባልሽም ከነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ግን ዘግይቶ የሚደርሰውን ልጅ እገዛ ከሚያስፈልገው የሚለዩ ምልክቶች አሉ። ከሁሉ በፊት ይረዳል ወይ? ጫማውን ሳታዪና በእጅሽ ሳታሳዪ “ጫማህን አምጣ” ብትዪው ይሄዳል? ሌላው ደግሞ፣ ባይናገርም በእጁና በፊቱ “ያወራል” ወይ? በጣቱ ያሳያል፣ ቻው ይላል፣ እምቢ ሲል ጭንቅላቱን ይነቀንቃል? የሚረዳና በምልክት የሚግባባ ልጅ ቃሉ ቢዘገይም ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ያንቺ ልጅ ግን ዓመት ከመንፈቅ አልፎትም በጣቱ አያሳይም። እኔን ያሳሰበኝ ከቃሉ ይልቅ ጣቱ ነው። ልጆች ከመናገራቸው በፊት ነው በጣታቸው የሚያሳዩት፣ ንግግር የሚመጣውም በዚያው በር ነው።

መራመዱን በተመለከተ ብዙ አትጨነቂ። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ጤናማ ልጆችን ተከታትሎ ነበር። ያለ ድጋፍ ቆመው የሚሄዱበት ጊዜ ከስምንት ወር ገደማ እስከ አሥራ ሰባት ወር ተኩል ድረስ ተዘርግቶ ነው የተገኘው። ልጅሽ የሄደው በመጨረሻው ጫፍ ላይ ነው፣ ግን ከመስመሩ አልወጣም። ለብቻው ቢሆን ምንም አልልሽም ነበር። ከአወላለዱ፣ ከቃሉና ከጣቱ ጋር ሲደመር ግን ሦስት ዓመት እስኪሞላው ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይመከርም። አማትሽ “ጠብቀን በራሱ ቢፈታስ?” ቢሉሽ፣ አሁን ጀምረን በራሱ ቢፈታ የሚቀርብን ነገር የለም በያቸው። ጠብቀን ባይፈታስ? ያኔ ያለፈው ጊዜ አይመለስም።

ጆሮውን እናንሳ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በር ሲንኳኳ መደንገጡ በደንብ ይሰማል ማለት አይደለም። የበር ድምፅ ከባድና ወፍራም ነው፣ መሬቱንም ያነቃንቃል፣ ልጁ በእግሩ ሊሰማው ይችላል። ንግግር እንዲህ አይደለም። ሰ፣ ሸ፣ ፈ የመሳሰሉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። ግማሹን ሰምቶ እነዚህን የማይሰማ ልጅ አለ። ለሱ ንግግር ማለት ግድግዳ ማዶ የሚያወሩ ሰዎች ድምፅ ነው፤ ድምፁ አለ፣ ቃሉ የለም። ጉንፋን ሲደጋግመው ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ልጅም አለ። እሱ ደግሞ አንድ ሰሞን ይሰማል፣ ሌላ ሰሞን አይሰማም። ቤተሰቡ “እልኸኛ ነው፣ ሲፈልግ ይሰማል” ይለዋል። “አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ እንዳልሰማ ይሆናል” ስትዪኝ ወዲያው የመጣብኝ ይኸው ነው። እስቲ አስታውሺ፣ ጉንፋን ቶሎ ቶሎ ይይዘዋል? ከጆሮው መግል ፈሶ ያውቃል? ተኝቶ ያንኮራፋል?

ቤት ውስጥ አንድ ነገር መሞከር ትችያለሽ። ልጁ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በሆነ ነገር፣ ግን በጣም ባልተመሰጠበት፣ እየተጫወተ ሳለ ከጀርባው ቁሚ። ጥላሽ አይታየው፣ ትንፋሽሽም አይንካው፣ ወለሉንም በእግርሽ አትምቺ። ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ በዝግታ “ስስስ” በዪ፣ ቆይተሽ ደግሞ ስሙን በሹክሹክታ ጥሪው። በቀኝም በግራም፣ በተለያየ ቀን ደጋግሚው። ቢዞር ደስ ይላል፣ ባይዞር ግን “ደንቆሮ ነው” ብለሽ አታልቅሺ፣ ቢዞርም “ጨርሰናል” አትበዪ። ይኼ ሙከራ ፍርድ አይሰጥም። የሚጠቅምሽ ለሐኪሙ የምትነግሪው ነገር እንዲኖርሽ ነው።

ትክክለኛው ምርመራ ያለው አንገት በላይ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ነው። “ገና አንድ ዓመቱ ነው፣ እንዴት ብሎ ይመልስላቸዋል?” እንዳትዪ። ልጁ ምንም ሳይመልስ፣ ተኝቶም ቢሆን፣ የጆሮውን ሥራ የሚለካ መሣሪያ አለ። በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም፣ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የት እንዳለ ጤና ጣቢያው ይጠይቅላችሁ። አካሄዱ ላይ ደግሞ አደራ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተር ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዛችሁ ሂዱ። ደረጃውን ዘልላችሁ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ወጪው ከኪሳችሁ ሊሆን ይችላል። የባልሽ ወንድም ለልጁ አስቦ ነው፣ ይግባኛል። ግን አንድ በሬ ሲሸጥ የቀረው ብቻውን አያርስም፣ የግል ክሊኒኩም መጀመሪያ የሚላችሁ “ጆሮውን አስመርምሩ” ነው። እሱን ደግሞ መድን ካላችሁ በመድን ታገኙት ይሆናል።

ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ያልሽኝን በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። ሲወለድ ቶሎ አላለቀሰም፣ በአሥራ ሰባት ወሩ ሄደ፣ ቃል የለውም፣ በጣቱ አያሳይም። አራት መስመር ነው። ይኼን የምመክርሽ ለምን መሰለሽ፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ባለሙያው ተጣድፏል፣ እናት ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ሁሉም ይጠፋባትና “አይናገርም” ብቻ ብላ ትወጣለች። ያኔ “ይናገራል፣ አይዞሽ” ተብላ ትመለሳለች። እዚያው እያላችሁ ክብደቱንና ቁመቱን ያስለኩት፣ የደም ማነስ ካለበትም ይታይለት። ምግብ ያነሰው ወይም ደም ያነሰው ልጅ ለመጫወትም አቅም ያጣል። ሆድ ድርቀት የሚያስቸግረው፣ ቆዳው የሚደርቅና ከእኩዮቹ ቁመቱ ያነሰ ከሆነ ይኼንንም ተናገሪ፤ የእንቅርት ዕጢ ችግር በደም ምርመራ ይታወቃል፣ መድኃኒትም አለው።

የጎረቤትሽን ምክር ግን በአጭሩ እንዝጋው። እንጥሉን አታስቆርጪ። እንጥል ከንግግር መዘግየት ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። ምላጭ ግን ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል፣ ቲታነስም ያመጣል። በዚህ የሚሞት ልጅ አለ። ጎረቤትሽ ለክፋት እንዳላለች አውቃለሁ፣ አንቺም አትጣያት፣ “ሐኪም ይየው ብለናል” በያትና እለፊ።

አሁን ወደ ጨዋታው። የጤና ኤክስቴንሽኗ “አጫውቺው” ስትልሽ ከላይ ከላይ የተናገረች መስሎሽ ቅር እንዳለሽ ከደብዳቤሽ ይታያል። እኔ ግን ትክክል ናት እላለሁ። መድኃኒቱን ሰጥታሻለች፣ አወሳሰዱን ነው ያልነገረችሽ። ጨዋታ ቀልድ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጃማይካ ውስጥ፣ ኪንግስተን ከተማ፣ በፈረንጆች 1986 እና 1987 ሳሊ ግራንታም ማክግሬገር የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በምግብ እጥረት ቁመታቸው የቀጨጨ 129 ሕፃናትን ይዘው አንድ ነገር ጀመሩ። የልጆቹ ዕድሜ ከዘጠኝ ወር እስከ ሁለት ዓመት ነበር፣ ያንቺ ልጅ ዕድሜ ማለት ነው። ወደ ቤታቸው የሚሄዱት ዶክተሮች አልነበሩም። ልክ እንደ እኛ ጤና ኤክስቴንሽን የሰፈር ጤና ሠራተኞች ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ለሁለት ዓመት። ከሚጣል ዕቃ የተሠራ መጫወቻ ይዘው ይሄዳሉ፣ እናትየዋ ልጇን እንዴት እንደምታጫውት እያሳዩ አብረዋት ይጫወታሉ፣ መጫወቻውን ትተውላት በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ይቀይሩታል። ከሃያ ዓመት በኋላ ልጆቹ አድገው ሥራ ሲይዙ፣ እንዲህ የተጎበኙት ካልተጎበኙት በአማካይ ሩብ ያህል የበለጠ ደመወዝ ያገኙ ነበር። ልብ በዪ፣ ዋናዋ አጫዋች ጎብኚዋ አልነበረችም። ጎብኚዋ በሳምንት አንድ ሰዓት ናት፣ የቀረው ሳምንት የእናትየዋ ነው። አገራችንም ውስጥ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን በጨዋታ የመርዳት ሥራ ሞክረዋል፣ የልጆችን ዕድገት መለኪያ አንዱንም ለኛ ልጆች እንዲስማማ አድርገው አዘጋጅተዋል።

ደሞ እንዳላታልልሽ። የጃማይካዎቹ ልጆች የዘገዩት በምግብና በኑሮ ነው። ጆሮው የማይሰማን ልጅ ጨዋታ ብቻውን አያሰማውም፣ ኦቲዝም፣ ማለትም ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ፣ ያለበትንም ኦቲዝሙን አያጠፋለትም። ግን በየትኛውም ምክንያት ይዘግይ፣ ልጅ መግባባትን የሚማረው ፊቱን ከሚያየው ሰው ጋር ነው። ለዚህ ነው ምክንያቱ እስኪታወቅ ሳትጠብቂ የምትጀምሪው።

እንዴት? በቀን ሁለት ጊዜ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሱቅሽን ከመክፈትሽ በፊትና ማታ ከራት በፊት ይሁን። ስልኩ ከዓይኑ ይራቅ፣ ሬዲዮም ይዘጋ። ቁጭ በዪ፣ ፊትሽና ፊቱ ትይዩ ይሁኑ፤ ስታናግሪው አፍሽን ማየት አለበት። ሁለት ባዶ ሀይላንድ ውሰጂ፣ አንዱ ውስጥ ጥቂት ባቄላ ጨምሪና ክዳኑን በደንብ አጥብቂው፣ በፕላስተርም ጠቅልዪው፣ ባቄላ አፉ ከገባ ስለሚያንቀው። አንድ ጣሳ፣ አንድ ኩባያ፣ ከአሮጌ ካልሲ የተሠራ ኳስ ጨምሪ። ከዚህ በላይ ዕቃ አያስፈልግሽም፣ ከገበያ መጫወቻ መግዛት የለብሽም።

ከዚያ ዋናው ነገር፣ ምንም አትበዪ። እይው። ልጁ ምን አነሳ? ሀይላንዱን ካነሳ ሀይላንዱ የዛሬው ጨዋታ ነው። አንቺ ኳስ እንዲጫወት ፈልገሽ ከሆነ ኳሱን ተይው። ሲያንቀጫቅጨው አንቺም ሌላውን አንቀጫቅጪ፣ ልክ እንደሱ። ሲያቆም አቁሚ። ከዚያ “ቀጭ ቀጭ!” በዪ፣ አንድ ጊዜ። አሁን በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ይኼ ነው ትንሹ ግን ከባዱ ሥራ፣ እኛ ሰዎች ዝምታን አንችልበትም። ልጁ ቃል የማውጣት ልምድ ስለሌለው ጊዜ ያስፈልገዋል። በዚያች ዝምታ ውስጥ ዓይንሽን ሊያይ ይችላል፣ “እ” ሊል ይችላል፣ እጁን ሊዘረጋ ይችላል። ማንኛውንም እንደ መልስ ቁጠሪው። “እ” ካለሽ “እ! ቀጭ ቀጭ!” ብለሽ አንቀጫቅጪ። ያን ጊዜ “አንድ ነገር ሳደርግ እናቴ ትመልስልኛለች” የሚለውን ይማራል። ንግግር ከዚያ ነው የሚነሳው።

አኩኩሉን ታውቂው የለ? እሱን በነጠላ አድርጊው። ነጠላውን ፊትሽ ላይ ጣዪ፣ “አኩኩሉ!” በዪ፣ ትንሽ ቆዪና “ነጋ!” ብለሽ ግለጪው። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመሽ ሲጥመው በመሃል አቁሚ። ነጠላው ፊትሽ ላይ እንዳለ ጠብቂ። ልጁ ነጠላውን ቢስብ፣ ድምፅ ቢያወጣ ወይም ቢስቅ “ነጋ!” ብለሽ ተገለጪ። በመሃል ማቆም ልጁ የሚጠይቅበት ምክንያት ይሰጠዋል። ሁሉ ነገር ሳይጠይቅ ከቀረበለት ለምን ይጠይቃል?

እጅሽን እየጎተተ የሚወስድሽን ነገር እዚህ ላይ እናገናኘው። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ሲጎትትሽ ፊትሽን ያያል ወይስ እጅሽን ብቻ? በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ። እጅሽን ይዞ ወዲያው ፊትሽን የሚያይ ልጅ አንቺን እየጠየቀ ነው። እጅሽን ብቻ እንደ ዕቃ የሚጠቀም ከሆነ ለሐኪሙ ይኼንን ንገሪው። በሁለቱም መንገድ ግን አንድ ነገር አድርጊ። ውኃ ወደሚቀመጥበት ከወሰደሽ ወዲያው አትስጪው። ዝቅ ብለሽ ዓይኑ ደረጃ ድረሺ፣ ጣቱን በቀስታ ይዘሽ ወደ እንስራው ወይም ወደ ጆጉ አመልክቺበት፣ “ውኃ” በዪ፣ ከዚያ ስጪው። አታስለቅሺው፣ ብዙም አታስጠብቂው፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ናት። ቀጥሎ ምርጫ ስጪው። በአንድ እጅሽ ውኃ፣ በሌላው ወተት ያዢ፣ “ውኃ? ወተት?” ብለሽ ጠብቂ። ያየውን ወይም እጁን የዘረጋለትን ስጪው፣ “ውኃ” ወይም “ወተት” ብለሽ።

አሁን ሦስት ነገር እንዳታደርጊ ልለምንሽ። አንዱ “በል! እማዬ በል! ምንድነው ይሄ?” እያሉ መፈተን ነው። ሁሉም ዘመድ ይኼን ይወዳል፣ እንግዳ ሲመጣማ ይብሳል። ልጁ የሚማረው ሰው ሲያናግረኝ ፈተና ይመጣል ማለትን ነው፣ ይሸሻል። ሁለተኛው ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው። ቃል ለሌለው ልጅ “ኧረ ና የኔ ጌታ ኳሱን ለእማ ወርውርላት እስቲ” ማለት የድምፅ ወንዝ ነው፣ የቱ ኳስ እንደሆነ አይለይም። “ኳስ!” በዪው። አንድ ቃል መናገር ሲጀምር ሁለት ቃል ትናገሪያለሽ፣ ሁልጊዜ ከሱ አንድ እርምጃ ቀድመሽ። ሦስተኛው ስልኩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን ጨርሶ አይመክርም። እኔ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ሰው ሲበዛብሽ ስልኩ እንደሚያሳርፍሽ ይገባኛል፣ አልወቅስሽም። ግን ስልክ አይጠብቀውም፣ ፊቱንም አያይለትም፣ “እ” ሲልም አይመልስለትም። ቀስ በቀስ ቀንሺ፣ በምትኩ ቆሎ መስፈሪያ ጣሳና ኩባያ ስጪው።

አማትሽን ከዚህ ሥራ አታውጪያቸው። እሳቸው “ተይው” የሚሉሽ ልጁን ስለማይወዱት አይደለም፣ ባልሽ ደኅና ስለወጣላቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ልጁ ያለው እሳቸው ጋር ከሆነ ሥራው የሚሠራው በእሳቸው ነው። “ዶክተር አዝዟል” ከምትያቸው “እማማ፣ አኩኩሉን እርስዎ ያጫውቱት፣ ከኔ ይልቅ እርስዎ ይችሉበታል” በያቸው። ጨዋታውን በመሃል አቁመው ልጁ እስኪጠይቅ እንዲጠብቁት ግን አሳዪያቸው። ባልሽም ማታ ከእርሻ ሲመለስ አሥር ደቂቃ አለው፣ ኳሷን በጣሳው ውስጥ ይጣል፣ “ገባ!” ይበል።

ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋርስ? ለአንድ ቀበሌ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው፣ ወደ አምስት ሺህ ለሚጠጋ ሰው። ክትባቱ፣ ወሊዱ፣ ወባው፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ሪፖርቱ ሁሉ እነሱ ላይ ነው። ስለ ልጆች ዕድገት መዘግየት ሥልጠና ያገኙ አሉ፣ ያላገኙም አሉ። ስለዚህ “ምን ላድርግ?” ብለሽ ስትጠይቂያት የሚመጣላት አንድ ቃል ቢሆን አልፈርድባትም። የምትችለውን ነገር ጠይቂያት። ለጤና ጣቢያው ሪፈር ትጻፍልሽ። ቤት ለቤት ስትዞር ወይም ለክትባት ስትሄጂ ሩብ ሰዓት ቁጭ ብላ ስትጫወቱ ትያችሁ፣ “አሁን ቶሎ ተናገርሽበት፣ ጠብቂው” ብላ ታርምሽ። ሌላ ሰው ሲያይሽ ነው የራስሽን ችኮላ የምታውቂው። ቀበሌው ውስጥ ሌላም የዘገየ ልጅ ያላት እናት ታውቅ ይሆናል፣ እናቲቱ ከፈቀደች ታገናኛችሁ። ልጇን ቤት የደበቀች እናት በየቀበሌው አለች፣ ከመንገድ ሳይሆን ከሐሜት ፈርታ። ሁለት ሆናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ መንገዱም ይቀላል፣ ሐሜቱም ይቀንሳል።

አንድ ደብተር ያዢ። በየሳምንቱ እሑድ ሁለት ሦስት መስመር ጻፊ። ቃል አትቁጠሪ፣ ቃሉ የመጨረሻ ነው። መጀመሪያ የሚለወጠው ሌላ ነው። ጨዋታው መሃል ላይ ስታቆሚ ዓይንሽን አየ? “አንቺ፣ እሱ፣ አንቺ፣ እሱ” እየተባባላችሁ ስንት ጊዜ ተመላለሳችሁ? ጣቱን ዘረጋ? ሁለት ወር በሚሆን ጊዜ ውስጥ እነዚህ ከጨመሩ ጨዋታው እየሠራ ነው። በትክክል እያደረግሽው ምንም ካልተነቃነቀ ደብተሩን ይዘሽ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሺ፣ የሕፃናት ሐኪም እንዲያየው ጠይቂ፣ “ቆዪ” ቢሉሽም በትሕትና ደግመሽ ጠይቂ እንጂ ዝም ብለሽ አትነሺ።

ሁለት ወር የማይጠብቁ ነገሮችም አሉ። ያውቀው የነበረውን ነገር መርሳት ከጀመረ፣ ራሱን ስቶ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም አንድ እጁንና አንድ እግሩን ብቻ እየተጠቀመ ሌላውን ከጎተተ በዚያው ቀን ውሰጂው።

የጆሮው ውጤት ሲደርስሽ ጻፊልኝ፣ ውጤቱ የሚለውጠው ነገር ስላለ ነው። ፈሳሽ ከተገኘበት ከሐኪሙ ጋር ክትትል ትጀምራላችሁ፣ አንቺም በጨዋታ ጊዜ ቀረብ ብለሽ፣ ትንሽ ጮክ ብለሽ ታወሪዋለሽ። የመስማት መቀነስ ከተገኘበት ደግሞ የመስሚያ መሣሪያና የእጅ ምልክት ጉዳይ ይነሳል፣ በዚያም ላይ አኩኩሉው አይቋረጥም፣ በዓይን የሚጫወት ጨዋታ ነውና። ጆሮው ደኅና ከሆነ ግን የሚቀጥለው ጥያቄ ለሕፃናት ሐኪሙ ይሆናል፤ ያኔ ደብተርሽንና ያችን አራት መስመር ወረቀት ይዘሽ ነው የምትገቢው።